ሽልንግ፣ ሊሬ፣ ሪያል፦ የሦስት ገንዘቦች ዙር በወሎ ገበያ

ደሴ ሸዋ በር ላይ ዕድሜ ከጠገበ ሰው ጋር ሒሳብ ብትተሳሰቡ ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» ሲል ትሰማላችሁ። በኢትዮጵያ ሳንቲም ላይ ይህ ስም ታትሞ አያውቅም። ስሙ የተረፈው ከጣሊያን መባረር በኋላ በአገሩ ይዞር ከነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፤ ስለዚህ ግማሽ ብር «ሽልንግ» ሆኖ ቀረ። አንድ የምንዛሪ ዋጋ በሕዝብ አፍ ላይ ሰማንያ ዓመት እየቆየ ነው ማለት ነው፤ ዋጋው ራሱ ግን ከሞተ ዘመን አልፎታል።

ከአዲሱ ብር በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት በወሎ ገበያ ሦስት ገንዘቦች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር፦ ጠገራው ብር፣ የጣሊያን ሊሬ እና የእንግሊዞቹ ሽልንግ። ሦስት ገንዘብ ባለበት ሁሉ ነጋዴ አንድ ነገር ያሰላል። የመጀመሪያውን በሁለተኛው፣ ሁለተኛውን በሦስተኛው፣ ሦስተኛውን መልሼ በመጀመሪያው ብመነዝር በጀመርኩበት ልክ እመለሳለሁ ወይስ አተርፋለሁ? ዕቃ ሳይገዛ ሳይሸጥ፣ በሦስት ምንዛሪ ብቻ ትርፍ ከተገኘ፣ የገንዘብ ባለሙያዎች ባለ ሦስት ማዕዘን አርቢትራጅ ይሉታል። እኔ እዚህ ባጭሩ «ዙር» እለዋለሁ። ሦስቱ የምንዛሪ ዋጋዎች በዙሩ አቅጣጫ ተባዝተው 1 ከሰጡ ዙሩ ዝግ ነው፤ ከ1 ከበለጡ ክፍት ነው፣ ትርፍም አለ። ከ1 ካነሱ ደግሞ ትርፉ ያለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ስሌቱ ይኸው ነው። ታሪኩ ያለው ክፍተቱ ስንት ጊዜ ቆየ በሚለው ላይ ነው፤ በወሎ ምድር ደግሞ ሁሉም ዓይነት ዕድሜ ታይቷል።

ከሩቁ እንጀምር። ከአፋር ዝቅታ የሚቆረጠው ጨው፣ አሞሌው፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ እየወጣ ለዘመናት በገንዘብነት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአሞሌን ዋጋ ጽፎ ትቷል። ከሚቆረጥበት አጠገብ ለአንድ ድራም ወርቅ 120 እስከ 130 አሞሌ ይሰጥ ነበር፤ ንጉሡ ካረፉበት ሰፈር ሲደርስ ግን ያው ወርቅ የሚገዛው ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ነበር። ሃያ እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ይህን አይቶ «እንዴት ያለ አርቢትራጅ ነው!» የሚል ሰው ግመል ጭኖ አያውቅም። በመካከሉ የግመል ኪራይ አለ፣ የኬላ ቀረጥ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ መንገድ ላይ የሚሰበር አሞሌ አለ፣ ዝናብ ሲያገኘው የሚሟሟው አለ። ለግመሉ የሚከፈል የዋጋ ልዩነት ክፍተት አይደለም፤ የድካም ዋጋ ነው። ክፍተት የሚባለው ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ባንክ ቤት ስንገባ ይመጣል።

ጠገራ ብር ወይም ማርያ ቴሬዛ የሚባለው የኦስትሪያ ብር በቀይ ባሕር በኩል ሲገባ ግን ነገሩ ወደ ዙርነት ቀረበ። እያንዳንዱ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 83 ከመቶው ንጹሕ ብር ነው፤ የትም ይታተም የት 1780 የሚለውን ዓመተ ምሕረት ይዞ ይወጣል። የእኛ ሰው የንግሥቲቱን የጌጥ ፈርጥ ቆጥሮ፣ ያረጀውን መልሶ፣ የተስማማውን ይቀበል ነበር። እንግዲህ በባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩ አሞሌውን፣ ደገኛው እህሉንና ሸማውን፣ ሲራራ ነጋዴው ብሩን ይዞ ሲገናኝ ሦስት መለኪያዎች ፊት ለፊት ቆሙ። አሞሌ በብር ዋጋ አለው፣ ሸማ በብር ዋጋ አለው፣ ሸማም በአሞሌ ዋጋ አለው። ክረምት ገብቶ የጨው ቅፍለት ሲቋረጥ አሞሌ በብር ይወደዳል፤ ሸማ ግን ከደጋ ገና በድሮው የአሞሌ ቁጥር እየተሸጠ ሊቆይ ይችላል። ዙሩ ተከፈተ ማለት ነው፦ ሸማውን በብር ሽጦ፣ በብሩ አሞሌ መግዛት አያዋጣም፤ አሞሌውን በብር ሽጦ፣ በብሩ ሸማ ገዝቶ፣ ሸማውን ደጋ ላይ በአሞሌ መለወጥ ግን ያዋጣል። ክፍተቱ የሚዘጋው ወሬው ደጋ ሲደርስ ነው። ወሬ የሚሄደው ደግሞ በበቅሎ እግር ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱ ሳምንታት ይኖራል፣ ክረምቱ ከከፋም አንድ ወቅት ይዘልቃል።

አሁን ወደ ሽልንጉ እንመለስ፤ የዙሩ ነገር ከሁሉ ጠርቶ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጠገራ ብርን በሊሬ ወረቀት ለመተካት ብዙ ደክሟል። ሕዝቡ ግን ብሩን እያስቀመጠ ሊሬውን ያወጣ ነበር። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር በኮምቦልቻ በኩል ተዋግቶ ደሴን ሲይዝ ሊሬው በየሰው ቤት አለ፣ ብሩ ሥር ሰዶ አለ፣ ሽልንጉ ደግሞ ከወታደሩ ጋር ገባ። የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሦስቱን በዋጋ ማሰር ነበረበትና አሰራቸው። አንድ ፓውንድ 480 ሊሬ ሆነ፤ በፓውንድ ውስጥ 20 ሽልንግ ስላለ አንዱ ሽልንግ 24 ሊሬ ነው። ጠገራው ብር ደግሞ በአንድ ሽልንግ ከአሥር ተኩል ፔንስ ተተመነ፤ በአሥርዮሽ ስንጽፈው 1.875 ሽልንግ። ሁለቱን አባዙ፤ 24 ሲባዛ በ1.875 ልክ 45 ሊሬ ይሰጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ዙሩ ዝግ ነው። 100 ብር 4,500 ሊሬ ይሆናል፣ 4,500 ሊሬ 187.50 ሽልንግ ይሆናል፣ 187.50 ሽልንግ ተመልሶ 100 ብር ይሆናል። የጦር ሹሞቹ ሒሳብ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ገበያ ግን የሹሞቹን ወረቀት አያነብም። ብሩ ብር ነው፤ ቢቀልጥም ዋጋ አለው። ሊሬው ግን የተሸነፈ መንግሥት ወረቀት ነው። ለስሌት እንዲመቸን ባቲ ላይ አንድ ጠገራ ብር 45 ሳይሆን 54 ሊሬ አወጣ እንበል። ቁጥሩን እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ አካሄዱ ግን የዘመኑ ነው። 100 ብር ያለው ነጋዴ ባቲ ላይ ሸጦ 5,400 ሊሬ ይይዛል። ሊሬውን ደሴ ወደሚገኘው መንዛሪ ወስዶ በ24 ሒሳብ 225 ሽልንግ ይቀበላል። 225 ሽልንጉን በታወጀው በ1.875 ዋጋ ወደ ብር ቢለውጥ 120 ብር ያገኛል። በ100 ገብቶ በ120 ወጣ። ጨው አልጫነም፣ ሸማ አልሸጠም።

ይህ መልካም ዜና ለስንት ቀን ይቆያል? ሦስተኛዋን እርምጃ ደግማችሁ ተመልከቱ። ባቲ ላይ ብሩ 54 ሊሬ እያወጣ፣ ሽልንግም 24 ሊሬ እየሆነ ሳለ፣ ብሩን በ1.875 ሽልንግ የሚሸጥላችሁ ማን ነው? ባቲ ወርዶ ሽጦ ሊሬውን ቢመነዝር ራሱ 2.25 ሽልንግ ያገኝበታል። ብሩን በዚያ ዋጋ የሚለቅ ሞኝ ወይም በትእዛዝ የታሰረ የመንግሥት ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ ከሰጠ ሣጥኑ በሳምንት ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሲሆን ዋጋው በሰሌዳው ላይ ይኑር እንጂ የሚገዛበት ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ብር የሚገኘው በ2.25 ሽልንግ ነው። 225 ሽልንግ ሲካፈል በ2.25 ስንት ነው? መቶ። ዙሩ ተዘጋ።

ልብ በሉ፣ ክፍተቱን የዘጋው አዋጅ አይደለም፤ ሊያተርፉበት የሮጡት ሰዎች ናቸው። ባቲ ላይ ብር የሚሸጡት ሲበዙ የብር ዋጋ በሊሬ ትንሽ ይወርዳል። ሊሬ ይዘው ሽልንግ የሚጠይቁት ሲበዙ መንዛሪው ከ24 ሊሬ በላይ መጠየቅ ይጀምራል። በሽልንግ ብር የሚፈልጉት ሲበዙ ብሩ ይወደዳል። በሦስቱም ማዕዘን ግፊቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ቀድሞ የሚሰበረው ማዕዘን የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ዕቃው የሳሳበት ቦታ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሳሳው ብሩ ነበር። ሰው ቀብሮታል። አዲሱ መንግሥት በ1937 የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ ሃምሳ ሳንቲሙን ከብር ማሠራቱ የሚያስገርም አልነበረም፤ ወረቀቱን እንዲቀበል የፈለገው ሕዝብ ሊሬ ያቃጠለው ነበርና።

እዚህ ላይ ትንሽ ዘወር ልበል። የዚህ ዓይነት ትርፍ «በባዶ እጅ የተገኘ» ተብሎ ይታማል፤ ደሴ ላይ ያደግን ሰዎች ዘርዛሪን በጥርጣሬ የማየት ልማድ አለን። ትክክል አይመስለኝም። የባቲው ገበሬ ብሩን በስንት ሊሬ እንደሚሸጥ ሲጠይቅ ከደሴው ዋጋ ያልራቀ መልስ የሚያገኘው ዙሩን የሚዞር ሰው ስላለ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ገበሬው የሚከፍለው ለመጀመሪያው ያገኘው ነጋዴ ሆድ ስፋት ነበር።

በሌላው ዓለም የክፍተቱ ዕድሜ ማጠር የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 በአትላንቲክ ባሕር ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር የለንደን ዋጋ ኒውዮርክ ለመድረስ በመርከብ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበት የነበረውን ጊዜ ወደ አንድ ቀን አወረደው፤ የፓውንድና የዶላር ምንዛሪ በነጋዴዎች ዘንድ እስካሁን «ኬብል» የሚባለውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ሌላ የባሕር ሥር መስመር ኤደን ደረሰ፤ የጠገራው ብር ትልቁ የመሸጋገሪያ በር ዋጋውን ከለንደን በዚያው ቀን መስማት ቻለ። ከኤደን እስከ ደሴ ያለው ግን ያው ጀልባና በቅሎ ነበር። ቀጥሎ ስልክ መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ሮይተርስ የምንዛሪ ዋጋን በስክሪን ማሳየት ጀመረ፣ ከዚያም ኮምፒውተሮች ራሳቸው ይገዙ ይሸጡ ጀመር።

ዛሬ ክፍተቱ ምን ያህል እንደሚጠብ በቁጥር እንየው። አንድ ዩሮ 1.10 ዶላር፣ አንድ ዶላር 150 የን ከሆነ አንድ ዩሮ 165 የን መሆን አለበት። በሆነ ቅጽበት የዩሮና የየን ገበያ ላይ አንድ ትልቅ ገዢ መጥቶ ዋጋውን 165.02 አደረሰው እንበል። አንድ ሚሊዮን ዩሮ ሸጠን 165 ሚሊዮን ከ20 ሺህ የን እንይዛለን፤ በ150 ስናካፍለው 1,100,133 ዶላር፤ በ1.10 ስናካፍለው 1,000,121 ዩሮ። ትርፉ በሚሊዮን 121 ዩሮ ነው። አሁን ደግሞ ዶላሩን የሚሸጥልን ሰው 150 ሳይሆን 150.02 ቢለን ትርፉ ጠፍቶ ወደ ኪሳራ እንገባለን። ሁለት መቶኛ የን ይበቃል።

ይህ ክፍተት በሰከንድ የሚጠፋበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ሰዎች ግን አንዱን ብቻ ያወራሉ። አንደኛው የሚታወቀው ነው፦ ፈጣኑ ኮምፒውተር ቀድሞ ይደርስና በዚያ ዋጋ የቀረበውን መጠን ጠራርጎ ይወስዳል፤ የሚቀጥለው መጠን የተሰቀለው በሌላ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያመዝናል። ዋጋ የሚሰቅሉት ትልልቅ ባንኮች የዩሮና የየንን ዋጋ የሚያወጡት ከሌሎቹ ሁለት ዋጋዎች በማባዛት ነው። አንዱ ንቅንቅ ሲል ማንም ሳይገዛባቸው የራሳቸውን ዋጋ ሰርዘው አዲስ ይሰቅላሉ። ስለዚህ ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ያለ ምንም ግብይት ነው። ተበላ ማለት አይቻልም፣ ተነሳ እንጂ።

የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከኤችኤስቢሲ ባንክ ሰዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህንን ለክቶታል። ከታዩት የዙር ክፍተቶች 95 ከመቶ ያህሉ ከአምስት ሰከንድ አልዘለሉም፤ 60 ከመቶ ያህሉ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ነገሩን የበረሃ ምትሃት፣ ከሩቅ ውኃ መስሎ ሲቀርቡት የሚጠፋ ነገር ብለውታል። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ሦስቱን ግብይት ባንድ ጊዜ መፈጸም አይቻልም፤ አንድ፣ ሁለት ተብሎ ነው። ሁለቱ ተፈጽመው ሦስተኛው ላይ ዋጋው ከተነሳ ያልፈለጋችሁትን ገንዘብ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ፤ ያ አንድ ኪሳራ የብዙ ድል ትርፍ ይበላል። የባቲው ነጋዴ ሽልንግ ታቅፎ ብር ያጣበት ቀን ዓይነት ማለት ነው፣ ብቻ በሰከንድ ውስጥ።

በእኛ አገር ግን ታሪኩ ወደ ኋላ ሄደ። መንግሥት የውጭ ምንዛሪን በቁጥጥር ሥር ሲያደርግ ከዙሩ ማዕዘኖች አንዱ በሕግ ተዘጋ። አንድ ዶላር በ2.07 ብር ታስሮ ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ እስከ 1985 ዓ.ም. ቆየ። በዚህ ሁሉ ዘመን የጥቁር ገበያው ዋጋ ከባንኩ ጋር ተራርቆ ዓመታት ኖረ፤ የሚዘጋው ሰው አልነበረም። የሚዘጋው ሰው ባንክ ገብቶ በታወጀው ዋጋ ዶላር መግዛት መቻል አለበትና። ሣጥኑ ባዶ የሆነበት ገንዘብ ያዥ ትዝ ይበላችሁ፤ እዚህ ሣጥኑ ለሃያ ዓመት ባዶ ነበር። በወረቀት የቆመ፣ ማንም የማይሸጥበት ዋጋ ክፍተት አይፈጥርም። ወረፋ ነው የሚፈጥረው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋውን ገበያው እንዲወስን ሲለቀው ይህ ገመድ ላላ። አሁን የየባንኩን ሰሌዳ በየጠዋቱ ስናይ ወሎ ውስጥ ከዶላሩ ይልቅ ብዙ ዓይን የሚያርፈው በሪያል ላይ ነው። ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ያልሄደ ሰው የሌለበት ቀበሌ መፈለግ ያደክማል። የሪያል ነገር ደግሞ ለዙር የተመቸ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ 3.75 ሪያል አንድ ዶላር ሆኖ ተቸንክሯል። ስለዚህ ከሦስቱ ማዕዘኖች አንዱ አይነቃነቅም።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ባንክ ዶላርን በ150 ብር ገዝቶ በ153 ይሸጣል፣ ሌላው ባንክ ሪያልን በ41 ብር ይገዛል እንበል፤ እነዚህም የማሳያ ቁጥሮች ናቸው። 150 ሲካፈል በ3.75 ልክ 40 ስለሆነ በ41 የሚገዛው ባንክ 2.5 ከመቶ አብልጧል። 150,000 ብር ያለው ሰው ዶላሩን በ150 ማግኘት ቢችል 1,000 ዶላር፣ ከዚያ 3,750 ሪያል፣ ከዚያ 153,750 ብር ይኖረዋል። ነገር ግን ባንኩ በ150 አይሸጥም፣ ይገዛል እንጂ። በ153 ሲገዛ 980.39 ዶላር ይደርሰዋል፤ በ3.75 ሲመነዝረው 3,676 ሪያል ገደማ፤ በ41 ሲሸጠው 150,735 ብር። ትርፉ ከ3,750 ወደ 735 ወረደ። ደግሞም 3.75 የማዕከላዊ ባንክ ዋጋ ነው፤ መንዛሪ ቤት 3.73 ቢሰጠው የመጨረሻው ድምር 149,931 ብር ይሆናል። 69 ብር ከሰረ። ገና የታክሲ አልከፈለም። ከሰሌዳው ላይ ሰፊ የመሰለው ክፍተት የግመሉ ኪራይ ነበር።

ይህም ቢሆን ዶላሩን ያለ ጉዞ ትኬትና ያለ ተፈቀደ ምክንያት ባንክ ይሸጥልሃል ብለን ነው፤ አይሸጥም። ከፈቃድ ውጭ መመንዘር ደግሞ ያስከስሳል። ዙሩን መዞር የሚችሉት ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው፤ የሪያልን ዋጋ ከዶላሩ እያካፈሉ ስለሚያወጡ በጠዋቱ ሰሌዳ ላይ ዙሩ ተዘግቶ ይሰቀላል።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው የዙሩ ትርፍ ሳይሆን ስሌቱ ነው። ልጃችሁ ከሪያድ ወይም ከጅዳ ሪያል ስትልክ፣ ከመቀበላችሁ በፊት የዚያን ቀን የባንኩን የዶላር መግዣ ዋጋ በ3.75 አካፍሉ። ውጤቱን ከሪያሉ መግዣ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ሪያሉ ካነሰ ልዩነቱ በደረሰኙ ላይ የማይጻፍ ክፍያ ነውና፣ በ1,000 ሪያል ስንት ብር እንደሚሆን አባዝታችሁ፣ ፒያሳ ላይ ያለውን ሁለተኛውን ባንክ ጠይቁ።